ዋጋው ሲመለስ ገንዘቡ ለምን አይመለስም? በብድር አክሲዮን የመግዛት አደጋ

በሰኔ ወር 2025 የአሜሪካ ባለሀብቶች አክሲዮን ለመግዛት ከብሮከሮቻቸው የተበደሩት ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ትሪሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቁጥሩን በየወሩ የሚያወጣው የአሜሪካ ብሮከሮች ተቆጣጣሪ አካል ፊንራ ነው። ዜናው ሲሰማ አስተያየቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዶች ብድሩ እዚህ መድረሱን ገበያው ሊወድቅ መቃረቡን እንደሚያሳይ ምልክት ቆጠሩት። ሌሎች ደግሞ የአክሲዮኖቹ ዋጋ ራሱ በጣም ስላደገ የብድሩ መጠን አብሮ ቢያድግ የሚያስገርም አይደለም አሉ። ሁለተኛው ወገን ስለ ገበያው በጥቅሉ ሲታይ ያነሳው ነጥብ ትክክል ነው፤ የብድር ድምር ብቻውን ገበያው መቼ እንደሚወድቅ ተናግሮ አያውቅም። ይሁን እንጂ ክርክሩ ለአንድ ተበዳሪ ይበልጥ የሚያስፈልገውን ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ገበያው ወርዶ መልሶ ቢነሳ እንኳ በብድር የገዛው ሰው ለምን ከጎኑ ካለው፣ በራሱ ገንዘብ ብቻ ከገዛው ሰው ጋር አብሮ አይነሳም?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ "ብድር ትርፍንም ኪሳራንም ያበዛል" የሚል ነው። ይህ እውነት ቢሆንም ጎደሎ ነው። ኪሳራ መብዛቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታጋሽ ሰው ዋጋው እስኪመለስ ጠብቆ ያመለጠውን መልሶ ያገኝ ነበር። ዋናው አደጋ አክሲዮኑ መቼ እንደሚሸጥ የመወሰን መብትን ብድሩ ከባለቤቱ ወስዶ ለአበዳሪው መስጠቱ ነው። አበዳሪው ደግሞ ይህን መብት የሚጠቀምበት ዋጋው ዝቅ ባለበት ሰዓት ነው።

## ማርጅን የሚባለው አሠራር

በብሮከር ዘንድ ሁለት ዓይነት ሒሳብ መክፈት ይቻላል። የመጀመሪያው የጥሬ ገንዘብ ሒሳብ ሲሆን ደንበኛው ባስገባው ገንዘብ ልክ ብቻ ይገዛል። ሁለተኛው የማርጅን ሒሳብ ይባላል። በዚህ ሒሳብ ብሮከሩ ለግዢው ከሚያስፈልገው ገንዘብ ከፊሉን ያበድራል፤ የተገዛው አክሲዮን ደግሞ ለብድሩ ማስያዣ ሆኖ ብሮከሩ ዘንድ ይቀመጣል። ከአክሲዮኖቹ የወቅቱ ዋጋ ላይ ብድሩ ተቀንሶ የሚቀረው የደንበኛው የራሱ ድርሻ ነው። ሌቨሬጅ የሚባለው የጠቅላላው ንብረት ዋጋ ለዚህ የራስ ድርሻ ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚነግረን ቁጥር ነው።

በአሜሪካ ሁለት ገደቦች አሉ። አንደኛው በመግዣው ቀን የሚሠራው ነው፤ የፌዴራል ሪዘርቭ ደንብ ደንበኛው ለአብዛኛው አክሲዮን ከዋጋው ቢያንስ 50 በመቶውን ከራሱ እንዲያወጣ ያዛል። ሁለተኛው ከግዢው በኋላ በየቀኑ የሚሠራው ነው፤ የደንበኛው የራስ ድርሻ ከአክሲዮኖቹ ዋጋ 25 በመቶ በታች መውረድ እንደሌለበት ፊንራ ይደነግጋል። ብሮከሮች ግን ይህን ወለል 30 ወይም 40 በመቶ፣ ዋጋቸው በኃይል ለሚዋዥቅ አክሲዮኖች ደግሞ ከዚያም በላይ የማድረግ መብት አላቸው፤ ይጠቀሙበታልም። የራስ ድርሻው ከወለሉ በታች ሲወርድ ደንበኛው ገንዘብ እንዲጨምር ወይም አክሲዮን እንዲሸጥ የሚቀርብለት ጥያቄ ማርጅን ኮል ይባላል።

እነዚህ ገደቦች የመጡት በከባድ ዋጋ ነው። ከ1929ኙ የኒውዮርክ ገበያ ውድቀት በፊት ከአክሲዮኑ ዋጋ አንድ አሥረኛውን ብቻ ከፍሎ ቀሪውን ከብሮከሩ መበደር የተለመደ ነበር፤ ፌዴራል ሪዘርቭ የመነሻውን መጠን የመወሰን ሥልጣን ያገኘው ከዚያ በኋላ በወጣው የ1934 ሕግ ነው። መነሻው 50 በመቶ ሆኖ የጸናው ደግሞ ከ1974 ጀምሮ ነው።

## አንድ ሒሳብ ከመነሻው እስከ መጨረሻው

አንድ ሰው 20,000 ዶላር አለው እንበል። ሌላ 20,000 ዶላር ከብሮከሩ ተበድሮ የአንድን ኩባንያ 400 አክሲዮኖች እያንዳንዳቸውን በ100 ዶላር ገዛ። ጓደኛው ደግሞ 20,000 ዶላር ይዞ፣ ምንም ሳይበደር፣ የዚያኑ ኩባንያ 200 አክሲዮኖች ገዛ። የብሮከሩ ወለል 30 በመቶ ነው። ወለዱን ለጊዜው እንተወው።

ዋጋው ወደ 70 ዶላር ወረደ። ጓደኛው 30 በመቶ ከሰረ፤ በእጁ ያለው 14,000 ዶላር ይሆናል። የተበዳሪው 400 አክሲዮኖች 28,000 ዶላር ያወጣሉ፤ ብድሩ ግን ያው 20,000 ስለሆነ የራስ ድርሻው 8,000 ብቻ ነው። የከሰረው 60 በመቶ መሆኑ ነው። እስከዚህ ድረስ "ኪሳራን ያበዛል" የሚለው አባባል የሚገልጸው ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ነገር ተከስቷል። ሰውየው ሲጀምር ንብረቱ የራስ ድርሻው ሁለት እጥፍ ነበር። አሁን 28,000 ለ8,000 ሲካፈል ሦስት ተኩል እጥፍ ነው። አንድ ዶላር እንኳ ተጨማሪ ሳይበደር ሌቨሬጁ ራሱ አደገ። ዋጋው ወደ 60 ዶላር ቢወርድና ሰውየው ምንም ባያደርግ 24,000 ለ4,000 ሆኖ ስድስት እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ "ሁለት እጥፍ ብቻ ነው የተበደርኩት" ብሎ የሚያስብ ሰው የሚናገረው ስለገዛበት ቀን ነው፤ ገበያው በሚወርድበት ሳምንት የተሸከመው አደጋ ከዚያ እጅግ የከበደ ነው።

ወደ 70 ዶላሩ እንመለስ። ወለሉ 30 በመቶ ስለሆነ ለ28,000 ዶላር ንብረት 8,400 ዶላር የራስ ድርሻ ያስፈልጋል። ሰውየው 8,000 ስላለው 400 ዶላር ይጎድለዋል፤ የመጀመሪያው ማርጅን ኮል ይመጣል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ከደመወዙ 400 ዶላር አስገብቶ ብድሩን ወደ 19,600 ዝቅ አደረገ። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዋጋው 60 ዶላር ደረሰ። ንብረቱ 24,000፣ ብድሩ 19,600፣ የራስ ድርሻው 4,400 ዶላር ሆነ። የሚፈለገው 7,200 ስለሆነ ጉድለቱ 2,800 ዶላር ነው። ሰውየው አሁን የሚጨምረው ገንዘብ የለውም፤ ስለዚህ መሸጥ አለበት። ስንት ይሸጣል? 2,800 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ቢሸጥ በቂ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ግን አይበቃም። ሽያጭ ብድሩን ይቀንሳል እንጂ የራስ ድርሻን አይጨምርም፤ 4,400ው ያው 4,400 ነው። ስለዚህ 4,400 የቀሪው ንብረት 30 በመቶ እስኪሆን ድረስ ንብረቱን ማሳነስ ያስፈልጋል። ጉድለቱ ለ0.30 ሲካፈል 9,333 ዶላር ይሆናል። 156 አክሲዮኖች በ60 ዶላር ተሸጡ፤ 9,360 ዶላር ለብድሩ ተከፈለ። 2,800 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ በሽያጭ ለመሥራት የዚያን ከሦስት እጥፍ በላይ የሚያወጣ አክሲዮን እንደሚጠይቅ የሚታየው እዚህ ነው።

አሁን ሰውየው 244 አክሲዮኖችና 10,240 ዶላር ብድር አለበት። ሒሳቡ ልክ ወለሉ ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ ቀጣዩ ትንሽ መውረድ ሌላ ጥሪ ማምጣቱ አይቀርም። ዋጋው 55 ዶላር ሲደርስ የራስ ድርሻው 3,180 ዶላር ሆነ፤ ጉድለቱን ለመሙላት 52 አክሲዮኖች ተሸጡ። የቀረው 192 አክሲዮንና 7,380 ዶላር ብድር ነው።

ከዚያ ገበያው አገገመ፤ ዋጋውም ወደ መነሻው 100 ዶላር ተመለሰ። ጓደኛው 200 አክሲዮኖቹን ስላልነካቸው 20,000 ዶላሩ ሙሉ በሙሉ አለ። የተበዳሪው 192 አክሲዮኖች 19,200 ዶላር ያወጣሉ፤ ብድሩ ሲቀነስ 11,820 ዶላር ይቀረዋል። መጀመሪያ 20,000፣ ኋላ 400 ጨምሮ በድምሩ 20,400 ዶላር አስገብቶ ስለነበር 8,580 ዶላር ከስሯል። ኩባንያው አልከሰረም፤ የአክሲዮኑ ዋጋም ከገዛበት በታች አይደለም። ስለ ኩባንያው የነበረው ግምትም አልተሳሳተም። ነገር ግን 208 አክሲዮኖች በ60 እና በ55 ዶላር ከእጁ ወጥተዋል፤ ዋጋው ሲመለስ እነሱ የሉም። ብድሩ የቆየበት ጊዜ ወለድም በዚህ ላይ ይታከላል፤ ብሮከሩ በዓመት 9 በመቶ ቢያስከፍል፣ በ20,000 ዶላር ብድር ላይ 1,800 ዶላር ነው፣ አክሲዮኑ ቢወጣም ቢወርድም።

ይህ ምሳሌ ደግሞ ለሰውየው ያዘነ ምሳሌ ነው። ዋጋው ቀስ በቀስ ወረደ፤ በየደረጃው ለመሸጥ ጊዜ አገኘ። ኩባንያው ማታ መጥፎ ዜና አውጥቶ በማግሥቱ ጠዋት ገበያው ሲከፈት ዋጋው ከ100 በቀጥታ 45 ዶላር ላይ ቢጀምር ኖሮ 400ው አክሲዮን በሙሉ ቢሸጥ 18,000 ዶላር ብቻ ያስገኛል። ብድሩ 20,000 ስለሆነ ሰውየው ያለውን ሁሉ አጥቶ 2,000 ዶላር ዕዳ ይቀርበታል። በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ሊደርስበት የሚችለው ትልቁ ኪሳራ ያስገባው ገንዘብ ነው፤ በማርጅን የሚገዛ ሰው ግን ከዚያም አልፎ ባለዕዳ ሊሆን ይችላል።

## ስልክ የመደወል ግዴታ የለም

ማርጅን ኮል የሚለው ስም አንድ ሰው ደውሎ ቀን የሚሰጥ ያስመስላል። በተግባር ብሮከሮች ብዙ ጊዜ ማሳወቂያ ይልካሉ፤ ጥቂት ቀናትም ይሰጣሉ። ደንበኛው የሚፈርመው ውል ግን ሌላ ነው። ፊንራ ብሮከሮች ለደንበኞቻቸው እንዲሰጡ የሚያስገድደው መግለጫ በግልጽ እንደሚለው፣ ብሮከሩ ሳያሳውቅ መሸጥ ይችላል፤ የትኛው አክሲዮን እንደሚሸጥ የሚመርጠው ብሮከሩ ነው፤ ደንበኛው የጊዜ ማራዘሚያ የማግኘት መብት የለውም፤ ብሮከሩም ወለሉን በማንኛውም ጊዜ፣ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ፣ ከፍ ማድረግ ይችላል። በጥር 2021 የጌምስቶፕ አክሲዮን ዋጋ በቀናት ውስጥ ሲተኮስ በርካታ ብሮከሮች ለዚያ አክሲዮን የሚጠየቀውን መጠን ወደ 100 በመቶ አሳደጉት፤ ይህም በብድር መያዝ አይቻልም ማለት ነው።

ብሮከሩን በክፋት መጠርጠር አያስፈልግም። ብሮከሩ ያበደረው ገንዘብ እንዲመለስለት ይፈልጋል፤ የአክሲዮኑ ዋጋ ከስድስት ወር በኋላ ቢመለስ የሚያገኘው ተጨማሪ ጥቅም የለም፤ ዛሬ ባይሸጥና ነገ ዋጋው ከብድሩ በታች ቢወርድ ግን ኪሳራው ወደ እሱ ይሻገራል። ስለዚህ ቶሎ መሸጥ ለእሱ ሁልጊዜ የሚያዋጣ ውሳኔ ነው። የተበዳሪውና የአበዳሪው ጥቅም የሚለያየው ልክ በዚህች ሰዓት ነው።

የ2020 የገበያ መናጋት ይህን በትልቁ አሳይቷል። ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች መለኪያ ከየካቲት 19 እስከ መጋቢት 23 ቀን 2020 ባሉት አምስት ሳምንታት ገደማ 34 በመቶ ገደማ ወረደ። በነሐሴ ወር አጋማሽ ደግሞ ወደ ቀድሞ ከፍታው ተመልሶ አልፎት ሄደ። በመነሻው ላይ የራሱን ያህል የተበደረ ሰው ወለሉ 30 በመቶ ከሆነ ከ28.6 በመቶ መውረድ በኋላ፣ 25 በመቶ ከሆነ ደግሞ ከ33.3 በመቶ መውረድ በኋላ ይጠራል። ሰፊውን ገበያ የያዘ፣ አንድ ኩባንያ ላይ ያልተንጠለጠለ ጠንቃቃ ተበዳሪ እንኳ በመጋቢት ሊጠራና ሊሸጥበት ይችል ነበር ማለት ነው። ነሐሴን ለማየት በመጋቢት ሳይሸጡ ማለፍ ያስፈልግ ነበር።

## አርኬጎስ፦ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጥ

እስካሁን ያየነው የአንድ ትንሽ ተበዳሪ ሽያጭ ገበያውን አያንቀሳቅስም። ተበዳሪው ትልቅ ሲሆን ግን ሽያጩ ራሱ ዋጋውን ያወርዳል፤ የወረደው ዋጋም ተጨማሪ ሽያጭ ያስገድዳል። በመጋቢት 2021 የተንኮታኮተው አርኬጎስ የዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው።

አርኬጎስ በኒውዮርክ የነበረ፣ የቢል ሁዋንግን የግል ሀብት የሚያስተዳድር ድርጅት ነበር። በመጋቢት 2020 የነበረው የራሱ ካፒታል 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን ከዓመት በኋላ ከ36 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ፤ በብድር ኃይል የያዘው ንብረት ደግሞ 160 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። አብዛኛውን የያዘው ቶታል ሪተርን ስዋፕ በሚባል ውል ነው። በዚህ ውል አክሲዮኑን የሚገዛውና በስሙ የሚያስቀምጠው ባንኩ ነው፤ ዋጋው ሲወጣ ባንኩ ልዩነቱን ለደንበኛው ይከፍላል፤ ሲወርድ ደንበኛው ለባንኩ ይከፍላል። ደንበኛው ከጠቅላላው ዋጋ ጥቂቱን ብቻ ማስያዝ ይጠበቅበታል። ክሬዲት ስዊስ ባንክ ኪሳራውን እንዲመረምርለት የቀጠረው የሕግ ተቋም ባወጣው ሪፖርት መሠረት አርኬጎስ በስዋፕ ውሎቹ ለባንኩ ያስያዘው በአማካይ 7.5 በመቶ ብቻ ነበር።

አርኬጎስ በጥቂት ኩባንያዎች ላይ ተከማችቶ ነበር፤ ከእነሱ አንዱ ቫያኮም ሲቢኤስ የተባለው የመገናኛ ብዙኃን ኩባንያ ነው። የአርኬጎስ የማያቋርጥ ግዢ ዋጋውን ወደ 100 ዶላር ገደማ ሰቀለው። ዋጋው ሲወጣ የራስ ካፒታሉ ያድጋል፤ ያደገው ካፒታል ተጨማሪ ለመበደር ያስችላል፤ በተበደረው ገንዘብም ያንኑ አክሲዮን ይገዛል። ይህ ከላይ ያየነው የመውረጃ ሰንሰለት ተገልብጦ ወደ ላይ ሲሠራ ነው፤ ሲሠራም ሳለ የባለቤቱ ጥበብ ይመስላል።

መጋቢት 22 ቀን ማታ ቫያኮም ሲቢኤስ የአክሲዮኑ ዋጋ በመወደዱ ተጠቅሞ 3 ቢሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ አዲስ አክሲዮን እንደሚሸጥ አስታወቀ። በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ዋጋው ወደ 70 ዶላር ገደማ ወረደ። የማርጅን ጥሪዎች ከበርካታ ባንኮች በአንድ ጊዜ መጡ፤ አርኬጎስ ሊከፍላቸው አልቻለም። መጋቢት 25 ቀን ባንኮቹ ከአርኬጎስ ጋር ተነጋግረው ሽያጩን በዝግታና በጋራ ማካሄድ ይቻል እንደሆነ መከሩ። ስምምነት ግን አልተገኘም። እያንዳንዱ ባንክ ሌላው ቀድሞ ከሸጠ ራሱ በዝቅተኛ ዋጋ እንደሚሸጥ ያውቅ ነበርና በማግሥቱ፣ ዓርብ፣ በቢሊዮን የሚቆጠር አክሲዮን ገበያ ላይ ፈሰሰ። ቫያኮም ሲቢኤስ በዚያ ቀን ብቻ 27 በመቶ ወርዶ 48 ዶላር ገደማ ላይ ዘጋ።

ቀድመው የሸጡ ባንኮች በትንሽ ኪሳራ ወጡ። ክሬዲት ስዊስ 5.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ የጃፓኑ ኖሙራ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከሰሩ። የአርኬጎስ 36 ቢሊዮን ዶላር በአንድ ሳምንት ገደማ ጠፋ። ቢል ሁዋንግ በ2024 ባንኮቹን በማታለልና የአክሲዮን ዋጋ በማዛባት ጥፋተኛ ተብሎ 18 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። የወንጀሉ ጉዳይ እንዳለ ሆኖ፣ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው የመጨረሻው ሳምንት አካሄድ ነው፤ እያንዳንዱ ባንክ ያየው የራሱን ውል ብቻ ነበር፤ ሌሎች ባንኮች ያንኑ አክሲዮን ለዚያው ሰው ምን ያህል እንደያዙለት አላወቀም። ትንሹ ተበዳሪም ያለበት ሁኔታ ይኸው ነው፦ እሱ የያዘውን ተወዳጅ አክሲዮን ሌሎች ስንት ሰዎች በብድር እንደያዙት የሚያይበት መንገድ የለውም።

## መበደር ሁልጊዜ ስህተት ነውን?

የተቃራኒው ወገን ክርክር ቀላል አይደለም። ቤት የሚገዛ ሰው ከዋጋው አራት አምስተኛውን ይበደራል፤ ማንም እብድ አይለውም። አንዳንድ የኢኮኖሚክስ ምሁራንም ወጣት ሠራተኛ የወደፊት ደመወዙ ትልቁ ሀብቱ ስለሆነ ገና በልጅነቱ በመጠኑ ተበድሮ ሰፊ ገበያ ላይ ቢያውል በዕድሜው ሙሉ የሚሸከመው አደጋ ይበልጥ የተመጣጠነ ይሆናል ብለው ይሟገታሉ።

የቤቱ ንጽጽር ግን ዋናውን ልዩነት ይሸፍናል። በተለመደው የአሜሪካ የቤት ብድር ተበዳሪው ወርሃዊ ክፍያውን እስከከፈለ ድረስ የቤቱ ዋጋ በግማሽ ቢወርድ እንኳ ባንኩ መጥቶ "ጉድለቱን ሙላ" አይለውም። ዕዳው ከባድ ሊሆን ይችላል፤ የመሸጫው ቀን ግን በተበዳሪው እጅ ይቆያል። የማርጅን ብድር የሚለካው በየቀኑ የገበያ ዋጋ ነው። ሁለቱን ብድሮች የሚያለያያቸው ከመጠናቸው ይልቅ ይህ ነው።

የወጣቱ ክርክር ደግሞ በወረቀት ላይ ይጸናል፤ ደመወዙ ሲቋረጥ ግን ይናጋል። ገበያ የሚወድቅባቸው ዓመታት ብዙ ጊዜ ሰው ከሥራ የሚባረርባቸው ዓመታት ናቸው፤ ስለዚህ ጥሪው የሚመጣው ለመሙያ የሚሆነው ደመወዝ በጠፋበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ለእኔ እንደሚመስለኝ ክርክሩን የሚፈታው የብድሩ መጠን ነው። በ20,000 ዶላር ላይ 5,000 ብቻ የተበደረ ሰው፣ ወለሉ 30 በመቶ ቢሆን፣ የሚጠራው ንብረቱ ከ71 በመቶ በላይ ሲወርድ ነው። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከ2007 እስከ 2009 በነበረው ቀውስ የወረደው 57 በመቶ ገደማ ነበር፤ ያ ተበዳሪ ሰፊውን ገበያ ይዞ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር። ሰው በአንድ ኩባንያ ላይ ከተቀመጠ ግን ይህ ስሌትም ዋስትና አይሆንም፤ ነጠላ ኩባንያ 71 በመቶ መውረዱ ብርቅ አይደለም።

## ከሁለት እጥፍ በላይ ያለው መንደር

የአሜሪካ አክሲዮን ገደብ 50 በመቶ ቢሆንም ሌሎች ገበያዎች እጅግ የላላ ብድር ያቀርባሉ። በቴሌግራምና በፌስቡክ አዲስ አበባ ላሉ ወጣቶች ጭምር በአማርኛ የሚቀርቡት የፎሬክስ ማስታወቂያዎች 1 ለ500 ሌቨሬጅ እንደ ትልቅ ስጦታ ያስተዋውቃሉ። 1 ለ500 ማለት በ100 ዶላር 50,000 ዶላር የሚያህል የምንዛሪ ውል መያዝ ነው። ዋጋው በተቃራኒው 0.2 በመቶ ቢሄድ መቶ ዶላሩ ያልቃል፤ ትልልቅ ገንዘቦች ይህን ያህል በአንድ ተራ የሥራ ቀን ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። እንዲህ ባለው ሒሳብ የገበያውን አቅጣጫ በትክክል መገመት እንኳ አያድንም፤ ዋጋው ወደተገመተው ቦታ ከመድረሱ በፊት የሚያደርገው ትንሽ መወዛወዝ ሒሳቡን ይዘጋዋል።

የአውሮፓ የገበያ ተቆጣጣሪ ኤስማ በ2018 ለተራ ደንበኞች የሚሰጠውን ሌቨሬጅ በትልልቅ ምንዛሪዎች ላይ በ1 ለ30 የገደበው፣ የየአገሩ ተቆጣጣሪዎች ባደረጉት ጥናት ከ100 የዚህ ዓይነት ደንበኞች ከ74 እስከ 89 የሚሆኑት እንደሚከስሩ ካየ በኋላ ነው። ደንበኛው ካስገባው በላይ ዕዳ እንዳይቀርበትም ከለከለ። ስለዚህ በጀርመን ወይም በስዊድን ያለ አንባቢ 1 ለ500 የሚያቀርብ ድርጅት ሲያገኝ፣ ድርጅቱ ተራ ደንበኛን ከሚጠብቀው ከዚህ ሕግ ውጭ የሚሠራ መሆኑን ከዚያ ቁጥር ብቻ መረዳት ይችላል። በክሪፕቶ ገበያም ጥቅምት 10 ቀን 2025 ዋጋዎች በድንገት ሲወርዱ በአንድ ቀን ከ19 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጡ በብድር የተያዙ ውሎች በግዴታ ተዘግተዋል። እዚያ ሽያጩን የሚያካሂደው ኮምፒዩተር ስለሆነ ጥሪ የሚባል ነገር የለም፤ ባለቤቱ ከእንቅልፉ ሲነቃ ሒሳቡ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል።

በአገር ቤት በጥር 2025 ወጋገን ባንክን የመጀመሪያው ተመዝጋቢ አድርጎ ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ገና ለጋ ነው፤ የሚገበያዩት አክሲዮኖች ጥቂት ናቸው። ሻጭና ገዥ በየደቂቃው በማይገናኙበት ገበያ በብድር የተገዛ አክሲዮን የተለየ ችግር አለው። ባንክ ብድሩ እንዲመለስለት ሲጠይቅ አክሲዮኑን በተጻፈበት ዋጋ የሚገዛ ሰው ላይገኝ ይችላል። በኒውዮርክ 156 አክሲዮን በ60 ዶላር መሸጥ የሴኮንዶች ጉዳይ ነው፤ ገዥ በማይበዛበት ገበያ ግን ያው ሽያጭ ዋጋውን ራሱን ያወርደዋል። ከዘመድ ወይም ከዕቁብ በተገኘ ገንዘብ አክሲዮን የገዛ ሰውም በየቀኑ የሚለካው ወለል ባይኖርበትም መክፈያ ቀኑ ሲደርስ ያው ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ዋጋው ምንም ይሁን ምን ዛሬ መሸጥ አለበት ወይስ የለበትም?

## የመጠሪያውን ዋጋ አስቀድሞ ማወቅ

ማንኛውም የማርጅን ሒሳብ ያለው ሰው ጥሪው በየትኛው ዋጋ ላይ እንደሚመጣ ከመግዛቱ በፊት ማስላት ይችላል። ብድሩ በአክሲዮኖቹ ብዛት ይካፈላል፤ የተገኘው ደግሞ ከአንድ ላይ ወለሉ ተቀንሶ ለሚቀረው ቁጥር ይካፈላል። ከላይ ባየነው ምሳሌ፦

20,000 ÷ 400 ÷ (1 − 0.30) = 71.43

ሰውየው በ100 ዶላር ሲገዛ 71.43 ዶላር ላይ እንደሚጠራ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ የሚጠይቀው ያ አክሲዮን ባለፉት አሥር ዓመታት ከከፍታው በዚህን ያህል ስንት ጊዜ ወርዶ ያውቃል የሚለውን ነው፤ የድሮ ዋጋዎች በብሮከሩ መተግበሪያ ላይ ስለሚገኙ ይህን ለማየት ብዙ ጊዜ አይፈጅም። መልሱ አንድ ጊዜም ቢሆን ብድሩ ለዚያ አክሲዮን ከመጠን አልፏል።

ስሌቱ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። ያልተከፈለ ወለድ ብድሩ ላይ እየተደመረ የመጠሪያውን ዋጋ በየወሩ በጥቂቱ ወደ ላይ ይገፋዋል። ብሮከሩ ወለሉን ሲቀይር ደግሞ ለውጡ ትልቅ ነው። ገበያው ሲናወጥ ወለሉ ከ30 ወደ 40 በመቶ ከፍ ቢል ያው ብድር፣ ያው 400 አክሲዮን፣ የመጠሪያው ዋጋ ከ71.43 ወደ 83.33 ዶላር ይዘላል። አክሲዮኑ በዚያ ሰዓት 80 ዶላር ላይ ከሆነ፣ ዋጋው አንድ ሳንቲም ሳይወርድ፣ ሒሳቡ ከወለሉ በታች ይሆናል።